አንድ ጎን ብቻ የሚያም ጉሮሮ፣ እየቀያየርን የምንውጠው ኪኒንና እዛው የሚቀረው መግል

ቶንሲል ያመመው ሰው አራተኛ አምስተኛ ቀኑ ላይ ህመሙ ከሁለቱም ጎን ለቆ ወደ አንድ ጎን ከተጠቃለለ፣ አፉን መክፈት ካቃተው፣ ድምፁም ጎርሶ እንደሚያወራ ሰው ከታፈነ፣ ነገሩ ቶንሲል መሆኑ አብቅቷል። አሁን አብዛኛውን ጊዜ መግል ቋጥሯል ማለት ነው። መግሉ ደሞ ያለው ብዙ ሰው እንደሚመስለው ቶንሲሉ ውስጥ ሳይሆን ከቶንሲሉ ጀርባ ነው፣ ይሄ ነገር ቀላል ይመስላል ግን ከዚ በኋላ ያለው ሁሉ የሚመጣው ከሱ ነው።

እኛ ጋ የተለመደው መንገድ ይታወቃል። ጉሮሮ አመመ፣ ፋርማሲ ተሄደ፣ አሞክሳሲሊን ተገዛ (በህጉ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ ባይፈቀድም ማን ይጠይቃል)፣ አልተሻለም፣ ኦግመንቲን ተቀየረ፣ አልተሻለም፣ «ጠንከር ያለ ስጠኝ» ተባለና አዚትሮማይሲን መጣ፣ ከዛ ክሊኒክ ተሄዶ ሴፍትሪያክሶን መርፌ ተጀመረ። እያንዳንዱ ቅያሪ ሁለት ሶስት ቀን ይበላል። በሽተኛው «መድኃኒቱ ተላምዶብኛል» ብሎ ይደመድማል፣ መላመድ ሊኖርም ይችላል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ችግሩ እሱ አይደለም፣ መድኃኒቱ መድረስ ያለበት ቦታ ጋ አለመድረሱ ነው።

እስቲ ቦታውን እንየው። ቶንሲል ዙሪያውን ቀጭን ሽፋን አለው፣ ከሽፋኑ ኋላ የጉሮሮ ግድግዳ የሆነ ጡንቻ አለ፣ በሁለቱ መሀል ላላ ያለ ክፍተት አለ። ኢንፌክሽኑ ቶንሲሉን አልፎ፣ ወይም ከቶንሲሉ በላይ ያሉ ትናንሽ የምራቅ እጢዎች ተደፍነው፣ እዛ ክፍተት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ቦታው ያብጣል ይጠነክራል፣ ገና መግል የለም። ከዛ በቀናት ውስጥ መግል ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ሚቋጥረው ከቶንሲሉ በላይኛው ጫፍ አካባቢ፣ ላንቃው ለስላሳ የሆነበት ጋ ነው። አፍ ተከፍቶ ሲታይ በአንድ በኩል ላንቃው ወደ ፊትና ወደ ታች ተነፍቶ፣ ቶንሲሉ ወደ መሀል ተገፍቶ፣ እንጥሉ ደሞ ወደ ጤነኛው ጎን ዞሮ ይገኛል። ይሄን አንዴ ያየ ባለሙያ ሌላ ጊዜ አይስተውም። ችግሩ ማየቱ ነው፣ ምክንያቱም አፉ አይከፈትም።

አፉ ለምንድነው ማይከፈተው? መንጋጋን ከሚዘጉት ጡንቻዎች አንዱ ከዛ ክፍተት በስተጎን ተጠግቶ ነው ያለው። መግሉና እብጠቱ ሲነካው ጡንቻው ይኮማተራል፣ ሰውዬው ልክፈት ሲል ያመዋል፣ በቃ ይቆለፋል። ጤነኛ አዋቂ ሰው ሶስት ጣቶቹን ደርቦ በላይና በታች ጥርሱ መሀል ማስገባት ይችላል። እነዚህ ሰዎች አንድ ጣት ወይ አንድ ተኩል ነው። ተራ ቶንሲል ምንም ያህል ቢያም ብዙውን ጊዜ መንጋጋ አይቆልፍም፣ ስለዚ ከምልክቶቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ይሄን ነው የምይዘው። እርግጥ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ሲመረቅዝም አፍ ይቆለፋል፣ ግን እዛ ላይ ህመሙ ድድ ላይ ነው፣ ላንቃውም አይነፋም።

ድምፁም እንዲሁ ምክንያት አለው። ስናወራ ለስላሳው ላንቃ ከፍ ዝቅ እያለ ነው ድምፅ የሚቀረፀው፣ አንዱ ጎን ተነፍቶ ደርቆ ሲቆም ድምፁ ይታፈናል። መጎርነን አይደለም፣ የጎረነነ ድምፅ የሚመጣው ከታች ከድምፅ አውታር ነው፣ ይሄኛው ጥርት ያለ ሆኖ የታፈነ ነው። በዚ ምልክት ላይ አንድ ጥቅም አለ፣ በስልክ ይሰማል። ቤሩት ወይ ሪያድ ሰው ቤት የምትሰራ እህት «ጉሮሮዬን አሞኝ ነው» ብላ የላከችው ቮይስ ከትናንት ዛሬ እየታፈነ የሌላ ሰው ድምፅ እየመሰለ ከመጣ፣ ምራቅ መዋጥ አቅቷት እየተፋች ከሆነ፣ ዝንጅብልና ማር ጠጪ የሚባልበት ሰዓት አልፏል። ሌሎቹ ምልክቶች በዛው ጎን ጆሮ ውስጥ የሚጠዘጥዝ ህመም (ጆሮው ጤነኛ ነው፣ ነርቩ የጋራ ስለሆነ ነው)፣ ትኩሳት፣ የሚከብድ የአፍ ጠረን፣ በዛው ጎን አንገት ላይ ያበጠ እጢ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ለምን በኪኒን ብቻ አይሆንም?

ብጉንጅ ያወጣ ሰው መልሱን ግማሹን ያውቀዋል፣ መግሉ ካልወጣ ጥዝጣዜው አይለቅም። ሌላኛው ግማሽ ደሞ እንዲህ ነው። መድኃኒት የትም ሚደርሰው በደም ነው። መግል የሞቱ ነጭ የደም ሴሎች፣ የሞተ ስጋና የባክቴሪያ ጥርቅም ነው፣ ውስጡ የሚገባ የደም ስር የለም። ዙሪያውን ሰውነት ራሱ ኢንፌክሽኑ እንዳይሰራጭ ግድግዳ ሰርቶበታል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ያው ግድግዳ መድኃኒቱንም ይከለክላል። የሚገባው ትንሽ መድኃኒትም ቢሆን ውስጡ አሲድ ነው፣ ኦክስጅን የለም፣ ባክቴሪያው ደሞ ተጨናንቆ መራባቱን ቀንሷል፣ የፔኒሲሊን ቤተሰቦች ደሞ የሚገድሉት እየተራባ ያለን ባክቴሪያ ነው፣ ባክቴሪያው የራሱን የሰውነት ግድግዳ ሲሰራ ጠብቀው ነው የሚያፈርሱት። ቁጭ ያለ ባክቴሪያ ላይ ብዙም አይሰሩም። ስለዚ በሽተኛው ኦግመንቲኑን በሰዓቱ በትክክል እየወሰደ፣ ላቦራቶሪ ላይ ባክቴሪያው በኦግመንቲን ሚሞት ሆኖ፣ መግሉ ግን እዛው ሊቀመጥ ይችላል።

ቅያሪውም ራሱ ሁሌ ወደ ተሻለ አይደለም። እዚህ መግል ውስጥ ሚገኙት ባክቴሪያዎች ብዙ ጊዜ ድብልቅ ናቸው፣ የታወቀው የጉሮሮ ስትሬፕቶኮከስ አለ፣ ኦክስጅን የማይፈልጉ ደሞ አሉ፣ ከነሱ ውስጥ በተለይ ወጣቶች ላይ ፉሶባክቴሪየም የሚባለው። ይሄኛውን አዚትሮማይሲን ብዙም አይነካውም። እንግዲህ ከአሞክሳሲሊን ወደ አዚትሮ «ጠንከር ያለ» ብሎ የሄደ ሰው ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው፣ ሶስት ፍሬ ኪኒን ስለሆነና ውድ ስለሆነ ጠንካራ ይመስላል።

አንድ ታሪክ በዝርዝር እንየው፣ የአንድ ሰው ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከሚያጋጥመው ተገጣጥሞ የተሰራ። የ24 ዓመት ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ ሞባይል ጥገና ይሰራል። ሰኞ ጉሮሮውን በሁለቱም ጎን አመመው፣ አተኮሰው፣ ከሰፈር ፋርማሲ አሞክሳሲሊን ወሰደ። ረቡዕ ትኩሳቱ በረድ አለ፣ ኪኒኑን አቆመ። አርብ ህመሙ ተመለሰ፣ አሁን በቀኝ ብቻ፣ ምራቅ ሲውጥ ጆሮው ድረስ ይሰማዋል። አዚትሮ ገዛ። ቅዳሜ ማታ እንጀራ መጉረስ አቃተው፣ አፉ አልከፈት አለው። እሁድ ክሊኒክ ሄደ፣ ባለሙያው በባትሪ አይቶ «ቶንሲልህ አብጧል» አለውና ሴፍትሪያክሶን ጀመረለት፣ አፉ በደንብ ስላልተከፈተ ላንቃውን አላየውም። ሰኞ ጠዋት በፌስታል ምራቁን እየተፋ ድንገተኛ ክፍል ገባ፣ ትኩሳቱ 38.9 ነው፣ አፉ አንድ ተኩል ጣት ነው የሚከፈተው፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ውሃም ስላልዋጠ ከንፈሩ ደርቋል።

መጀመሪያ ሚታየው ጉሮሮው አይደለም፣ አተነፋፈሱ ነው። ተኝቶ መተንፈስ ይችላል? ወደ ፊት ካላጎነበሰ አየር ያጥረዋል? ሲተነፍስ ከጉሮሮው የሚያፏጭ ድምፅ አለው? ከነዚህ አንዱ ካለ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፣ በጀርባው ማስተኛት ራሱ አደገኛ ነው፣ የአየር መንገዱን ሊያስከፍት የሚችል ባለሙያ መኖር አለበት። ልጁ ደህና ነው፣ እየተነፈሰ ነው። ግሉኮስ ተሰቀለለት፣ ህመም ማስታገሻ ተሰጠው፣ ዴክሳሜታዞን የሚባለው መርፌ ተወጋ፣ እሱ እብጠቱን ቀነስ አድርጎ አፉ ትንሽ እንዲከፈትና ህመሙ ቶሎ እንዲቀል ያግዛል።

ከዛ መግሉ። ልጁ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ጭንቅላቱ ኋላ ድጋፍ ያገኛል፣ ሐኪሙ ግንባሩ ላይ መብራት ያስራል፣ መምጠጫ ማሽን አጠገቡ ይዘጋጃል። የተነፋው ቦታ ላይ ማደንዘዣ ይረጫል፣ ከዛ ትንሽ ሊዶካይን በቀጭን መርፌ ላዩ ላይ ይወጋል። አንዳንድ ሰው ማደንዘዣው መግሉ ውስጥ ሲገባ ጭራሽ ያመዋል፣ ስለዚ ሽፋኑ ላይ ብቻ ነው። ቀጥሎ ወፈር ያለ 18 ቁጥር መርፌ ከ10 ሚሊ ሲሪንጅ ጋር፣ እና እዚ ጋ ያለች ትንሽ ብልሃት ሰው ታድናለች፣ የመርፌው የፕላስቲክ ክዳን ጫፉ ተቆርጦ መልሶ ይገባል፣ መርፌው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ እንዲወጣ። ለምን? ወደ ጭንቅላት ደም የሚወስደው ትልቁ የአንገት ደም ቧንቧ ከቶንሲሉ ጀርባ ወደ ጎን ሁለት ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው ያለው። ክዳኑ እያለ እጅ ቢያመልጥ እንኳ መርፌው እዛ አይደርስም። አቅጣጫውም ቀጥታ ወደ ኋላ ነው፣ ወደ ጎን ከሄደ ወደ ቧንቧው መሄድ ነው። መጀመሪያ ላይኛው ላይ ይሞከራል፣ ካልመጣ ትንሽ ዝቅ ተብሎ መሀል፣ ከዛ ታች።

ልጁ ላይ ከላይኛው 6 ሚሊ ሽታው የሚከብድ መግል ወጣ። ስድስት ሚሊ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ሞልቶ ትንሽ ትርፍ ያለው ነው፣ ሳምንት ሙሉ ያሰቃየው ይሄ ነው። መርፌው ከወጣ ከደቂቃዎች በኋላ ውሃ ጠጣ፣ አመሻሹ ላይ ሁለት ጣት ተኩል ተከፈተለት። እፎይታው ፈጣን የሆነው መድኃኒት ስለሰራ አይደለም፣ ተወጥሮ የነበረው ስለለቀቀ ነው። መድኃኒቱ ከዛ በኋላ ነው ተራው ሚመጣው፣ አሁን ጎድጓዳው ባዶ ስለሆነ ዙሪያው ያለው ደም የሚያገኘው ስጋ ላይ የቀረውን ኢንፌክሽን ያጠፋል፣ ኦግመንቲን፣ ወይም ፔኒሲሊን ከሜትሮኒዳዞል ጋር፣ ወይም ፔኒሲሊን ለማይስማማው ክሊንዳማይሲን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን። ልጁ በሶስተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ቢያቆም እንደ መጀመሪያው ሳምንት ይሆናል። በማግስቱ ተመልሶ መታየትም አለበት፣ በመርፌ ከተመጠጠላቸው ሰዎች ጥቂቶቹ ጋ መልሶ ይቋጥርና ሁለተኛ መምጠጥ ያስፈልጋል።

ሌላው አማራጭ በትንሽ ቢላ ከፈት አድርጎ በመቆንጠጫ ውስጡን ማስፋት ነው። የበለጠ ያማል፣ ትንሽ ይደማል፣ ግን መልሶ የመቋጠር እድሉ ያነሰ ይመስላል። የትኛው ይሻላል ለሚለው ሐኪሞች እስካሁን አልተስማሙም፣ ያለው ማስረጃም ጠንካራ አይደለም። በኔ እይታ ልምድ ያለው ሰው ካለ ሁለቱም ይሆናሉ፣ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ከመጠበቅ ግን መርፌው ይሻላል።

ይሄን የምለው ምክንያት አለኝ። እኛ አገር የጆሮ የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስት ጥቂት ነው፣ ያሉትም ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስ እያልክ ትልልቅ ከተሞች ላይ ነው የተሰበሰቡት። በሽተኛው ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር እየተባለ መግሉን ይዞ ይጓዛል። መርፌው ግን ኦፕሬሽን ክፍል አይጠይቅም፣ የሰለጠነ ጠቅላላ ሐኪም፣ ጥሩ መብራት፣ መምጠጫና ሲሪንጅ ነው ሚጠይቀው። ኦፕሬሽን ክፍልና ሙሉ ማደንዘዣ የሚያስፈልገው ለትንንሽ ልጆች፣ አፉ ጨርሶ ለማይከፈት ሰውና መግሉ ወደ አንገት ጠልቋል ተብሎ ለተጠረጠረ ነው። አሜሪካ ወይ አውሮፓ ያላችሁ ደሞ ኧርጀንት ኬር ሄዳችሁ ኪኒን ተሰጥቷችሁ ከተመለሳችሁ፣ አፋችሁም እየተቆለፈ ከሄደ፣ ብዙዎቹ ጋ ይሄ ስለማይሰራ ቀጥታ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው።

እዚህ ጋ «ታድያ አባቶቻችን ቶንሲል በጣት ሲያፈርጡ፣ እንጥል ሲቆርጡ ልክ ነበሩ ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ይምጣ። መግል መውጣት አለበት ሚለው ሀሳብ ልክ ነው፣ የቀረው ሁሉ ግን ልክ አይደለም። አንደኛ የሚፈረጠው አብዛኛውን ጊዜ መግል የሌለው ተራ ቶንሲል ነው፣ የሚቆረጠው እንጥል ደሞ ምንም ያላጠፋ፣ በእብጠቱ ተገፍቶ የዞረ ነው። ሁለተኛ ጥፍርና ምላጭ የሚገባበትን ጥልቀት የሚለካ ነገር የለም። ሶስተኛ መግሉ በአንዴ ሲፈነዳ መምጠጫ ከሌለ፣ በተለይ ሰውዬው ተኝቶ ከሆነ፣ ወደ ሳንባ ይወርዳል። በጥፍር ተፈርጦ «ዳነ» የተባለ ሰው የለም አልልም፣ አለ፣ የደማው፣ የመረቀዘው፣ ያልተመለሰው ግን መጥቶ አያወራም።

መርፌው ገብቶ ምንም ካልወጣስ? ይሄ ያጋጥማል። ወይ ገና መግል አልሆነም፣ ያበጠና የጠነከረ ብቻ ነው፣ ወይ መርፌው ስቶታል። ያኔ መድኃኒት በደም ስር ተሰጥቶ አንድ ቀን ይታያል፣ አልትራሳውንድ ወይ ሲቲ ስካን ካለ ይረዳል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ካልተሻለው እንደገና ይሞከራል። በጊዜ የመጣ፣ ገና ያልቋጠረ ሰው ያለ መርፌ ሊድን ይችላል ማለት ነው፣ በቅርብ ዓመታት ከአሜሪካ የወጡ ጥናቶችም ትንሽ የሆነ መግል፣ ሰውዬው ካልተዳከመ፣ በደም ስር መድኃኒትና በዴክሳሜታዞን ብቻ እንደሚድን አሳይተዋል። ስለዚ «ሁሉም የግድ ይወጋ» ማለት ልክ አይደለም። ግን ልብ በሉ፣ እዛ የተደረገው ነገር ሐኪም አይቶት፣ መጠኑ ተገምቶ፣ በማግስቱ ተመልሶ እየታየ ነው። ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆሞ ሶስተኛ አንቲባዮቲክ መግዛት የዛ ጥናት አካል አይደለም።

ቆይቶስ ምን ይሆናል ለሚል፣ አንዳንዴ ራሱ ይፈነዳል፣ አፍ ሞልቶ መራራ ነገር ይመጣል፣ ሰውዬው ይተፋዋል ያርፋል። ሌላ ጊዜ ግን ወደ ውስጥ ነው ሚሄደው። ከጉሮሮ ግድግዳው ጡንቻ አልፎ አንገት ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ወደ ደረት ይወርዳል፣ ያኔ ሞት ያለበት በሽታ ነው። ፉሶባክቴሪየም ደሞ የአንገት ትልቁን የደም መላሽ አርግቶ ከዛ የመረቀዘ የደም ጓል ወደ ሳንባ ይልካል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ ምልክቱ ግን ይታወቃል፣ ጉሮሮው ተሽሎት ሳለ ብርድ ብርድ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት፣ አንገት በአንድ ጎን ማበጥና ማመም፣ አንገትን ማዞር አለመቻል፣ ደረት መውጋት። እነዚህ ከመጡ «መርፌውን ጨርሼ» አይባልም፣ በዛው ሰዓት ነው።

መግሉ የወጣለት ሰው ቤት ሲገባ አንድ ቀን ያህል ምራቁ ደም ቢቀላቅል፣ ትንሽ መግል ጣዕም ቢሰማው ችግር የለውም፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ በቂ ነው። ቀይ ትኩስ ደም ከመጣ፣ ወይም በሁለተኛው ቀን አፉ እንደገና እየጠበበ ከሄደ ይመለስ። ከአስር ሰው አንዱ ያህል ሌላ ጊዜ ይመለስበታል፣ ሁለተኛ የተመለሰበት፣ በተለይ ከዛ በፊትም ቶንሲል እየደጋገመ የሚያመው ከነበረ፣ ሲረጋጋ ቶንሲሉን ስለማስወጣት ከስፔሻሊስት ጋር ማውራት አለበት። ይሄ በሽታ የሚወደው ከ15 እስከ 40 ያለውን ዕድሜ ነው። እንግዲህ ሰውዬው ሃምሳ ስድሳ ከሆነው፣ በተለይ አጫሽ ከሆነ፣ ትኩሳት ሳይኖረው አንዱ ቶንሲል አብጦ ከቆየ፣ ወይ መግል ወጥቶለት መድኃኒቱን ጨርሶ እብጠቱ አልጠፋ ካለ፣ መግል ብቻ ነው ተብሎ አይታለፍም፣ ከቶንሲሉ ናሙና ተወስዶ ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት።